ሂሳቡን የዘጋው ደብዳቤ

ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ የሐይቅ ልጅ አለች። ከአገር ስትወጣ ደሴ ውስጥ የቁጠባ ሂሳብ ከፍታ፣ ደብተሩን ለእናቷ፣ ሲም ካርዷን ደግሞ ለታናሽ ወንድሟ ትታ ነበር የሄደችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ደመወዟን ወደዚያ ሂሳብ ስትልክ ቆየች። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ግን ሂሳቡን ዘግታ ገንዘቧን በፈቃድ ስትመጣ በሌላ ባንክ ወደከፈተችው ሂሳብ ለማዛወር ወሰነች። ለቤተሰቡ የነገረችው ምክንያት አዲሱ ባንክ ሐይቅ ውስጥ ቅርንጫፍ አለው የሚል ነው። ለራሷ የነገረችው ሌላ ነው፤ ያ ሲም ካርድ እንቅልፍ ነስቷታል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። በነጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፈች፦ "በቅርንጫፋችሁ ያለኝን 203,400 ብር ለእህቴ ሰጥታችሁ ሂሳቤን እንድትዘጉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።" ፈረመችበት፣ በስልክ ፎቶ አነሳችው፣ ላከችው። ታናሽ እህቷ አሳትማ ደብተሩን ይዛ ባንክ ሄደች።

መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ አንብቦ መለሰላት። "እህቴ፣ በዚህ ምንም ልሠራልሽ አልችልም" አላት። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች፤ ጅዳ ያለችውም ባንኩን ረገመች። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። "ገንዘባችንን ሲቀበሉ እየሳቁ፣ ሲመልሱ እየተኮሳተሩ" እንላለን። እውነትም አለበት። ይህ ደብዳቤ ግን መመለሱ ለባለቤቷ የሚበጅ ነበር። ለምን እንደሆነ ለማየት ደብዳቤውን ቃል በቃል መመርመር ይበቃል።

የመጀመሪያው እንከን ፊርማው ነው። ባንክ ፊርማን የሚያመሳክረው ሂሳቡ ሲከፈት ከተሰጠው ናሙና ጋር ሲሆን፣ ባለቤቷ ፊት ለፊት ካልቆመች ደግሞ በእርግጥ እሷ መፈረሟን የሚያረጋግጥ ሌላ አካል ይፈልጋል። በስልክ የተላከ ፎቶ ያንን አያደርግም። ስለዚህ ውክልና ያስፈልጋል። እህት "ጠቅላላ ውክልና አለኝ" ብላ ነበር፤ እሱም አልበቃም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ለመሥራት ብቻ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይናገራል። ሂሳብ መዝጋት ከዚያ ይለፍ አይለፍ ጠበቆች ይከራከሩበት ይሆናል፤ የባንክ ሠራተኛ ግን መስኮት ላይ ቆሞ አይከራከርም። "ሂሳብ መዝጋት" የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ከሌለ አይዘጋም።

ባለቤቷ ከማዳሟ አንድ ቀን ለምና ጅዳ ወዳለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ውክልናው ላይ ያስጻፈችው አራት ነገር ነው፦ የሂሳቡን መግለጫ መቀበል፣ የሞባይል ባንኪንጉን ማቋረጥ፣ ሂሳቡን መዝጋት፣ ቀሪውን ገንዘብ በራሷ በባለቤቷ ስም ወደተከፈተው ሂሳብ ብቻ ማስተላለፍ። "ገንዘብ ማውጣት" የሚል የለበትም። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፣ ከዚያም ሕዝቡ "ውልና ማስረጃ" በሚለው መሥሪያ ቤት ተመዘገበ፣ ከዚያ በኋላ ነው ደሴ የወረደው።

ሁለተኛው እንከን "ለእህቴ ሰጥታችሁ" የሚለው ነው። እህቷን ታምናታለች። ጉዳዩ ግን እምነት አይደለም። ገንዘቡ በጥሬው ከወጣ የባለቤትነቱ ዱካ መስኮቱ ላይ ያበቃል። በስሟ ካለ ሂሳብ ወጥቶ በስሟ ወዳለ ሂሳብ ከገባ ግን በመሃል ያለችው እህት መልእክት አድራሽ ብቻ ናት፤ ነገ ዘመድ ቢጠይቃት፣ ጎረቤት ቢያማት፣ እጇ ላይ ምንም አልነበረም። የማስተላለፊያዋ መስመር የምትጠብቀው ባለቤቷን ብቻ ሳይሆን ተወካይዋንም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ እሾህ አለ። ስም በሁለቱ ባንኮች አንድ ዓይነት መጻፍ አለበት። አማርኛው አንድ ሆኖ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ይለያያል፤ "ፀሐይ" አንዱ ጋ Tsehay፣ ሌላው ጋ Tsehai ትሆናለች። የተላከው ገንዘብ ከተቀባዩ ስም ጋር ካልገጠመ ተመላሽ ሊሆን ይችላል። የላኪው ሂሳብ አስቀድሞ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ የተመለሰው ገንዘብ የሚገባበት ቤት የለውም፤ ባንኩ ለጊዜው ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ በሚያቆይበት ሂሳብ ውስጥ ይቀመጥና ፍለጋው ይጀመራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጻፍ አለበት፦ መጀመሪያ ማስተላለፍ፣ መድረሱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ መዝጋት።

ሦስተኛውና ትልቁ እንከን ቁጥሩ ነው። 203,400 ብር ማለት ደብተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ማሽን ውስጥ በገባበት በሐምሌ 2015 የነበረው ገንዘብ ነው። ደብተር የሚናገረው የታተመበትን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ወለድ ገብቷል፣ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሂሳቡ ውስጥ ካለው ከበለጠ ትዕዛዙ አይፈጸምም። ካነሰ ደግሞ ትርፉ እዚያው ይቀርና ሂሳቡ አይዘጋም።

ወለዱን እንይ። የእሷ ባንክ ወለድ የሚያስገባው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ጁን እና ዲሴምበር መጨረሻ ነው። ሂሳቡ በመሃል ሲዘጋ ከመጨረሻው ክፍያ ወዲህ የተጠራቀመው ገና አልገባም። 180,000 ብር በዓመት 7 በመቶ 12,600 ብር ይወልዳል። በ90 ቀን 3,106.85 ብር ይሆናል። በወቅቱ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከቁጠባ ወለድ ይቆረጥ የነበረው 5 በመቶ ግብር፣ ማለትም 155.34 ብር ሲቀነስ 2,951.51 ብር ይቀራል። ለሰው ቤት ሠራተኛ እናት ይህ የብዙ ቀን አስቤዛ ነው። ደብዳቤው "እስከሚዘጋበት ቀን ድረስ ካለው ወለድ ጋር" ካላለ የሚጠይቅ ሰው ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛው ደብዳቤ እንዲህ ተጻፈ፦

"ጉዳዩ፦ የቁጠባ ሂሳብ ስለመዝጋትና ቀሪ ገንዘብ ስለማስተላለፍ። በስሜ በቅርንጫፋችሁ የሚገኘው፣ ቁጥሩ ከላይ የተጠቀሰው የቁጠባ ሂሳብ እንዲዘጋልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከሂሳቡ ጋር የተያያዘው የሞባይል ባንኪንግ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ ዕለት ይቋረጥ። ሁለተኛ፣ ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ያለው የሂሳብ መግለጫ ለተወካይዬ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ሂሳቡ እስከሚዘጋበት ቀን የተጠራቀመው ወለድ ታስቦ፣ ግብርና የማስተላለፊያ ክፍያ ተቀንሶ፣ ቀሪው በሙሉ ከዚህ በታች በስሜ ወደተጠቀሰው ሂሳብ ይተላለፍ። ለተወካይዬም ሆነ ለሌላ ሰው በጥሬ ገንዘብ እንዳይከፈል። አራተኛ፣ ገንዘቡ መድረሱ ሲረጋገጥ ሂሳቡ ተዘግቶ የመዘጋቱ ማረጋገጫ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ዋናውን ውክልና፣ የፓስፖርቴን ቅጂ፣ ደብተሩንና የተቀባዩን ባንክ የስም ማረጋገጫ አያይዣለሁ።"

የብር መጠን የሚል አንድም ቦታ የለም። "ቀሪው በሙሉ" የሚለው ሐረግ ሥራውን ይሠራል።

ያው ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብሎ ከናሙናው ጋር አመሳከረ፣ ለሥራ አስኪያጁ አሳየ፣ መግለጫውን አተመ። ደብተሩ 203,400 ያለበት ሂሳብ ውስጥ ኅዳር ላይ 10,000፣ 10,000፣ 10,000 ብር በሞባይል ወጥቷል። ታኅሣሥ ላይ ወለድ 6,600 ብር ገብቷል። ቀሪው 180,000 ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ውክልናውና ፊርማው ቢሟላ እንኳ፣ የሌለ ገንዘብ ስለሚያዝ ይወድቅ ነበር።

ገንዘቡ ወደ አዲሱ ሂሳብ ገባ፤ ሂሳቡ ተዘጋ። ባለቤቷ መግለጫውን በስልኳ አየችና ለማንም ምንም አላለችም። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ራሱ ደወለ።

"እታለም፣ ያ የስልክ ባንክ አልከፍት አለኝ እኮ።"

"ዘግቼው ነው" አለችው።

ዝም አለ። ቆይቶ "አንዱ አሥር ሺህ ለእማዬ መድኃኒት ነበር፤ ደረሰኙ አለኝ" አለ። ስለ ሁለቱ ሳይናገር ቀረ። እሷም አልጠየቀችውም። "የእማዬን መድኃኒት ከእንግዲህ በየወሩ ራሴ እልካለሁ፤ አንተ ገዝተህ ውሰድላት" አለችው።

ወንድሙን ሌባ ብሎ የሚጽፍ ደብዳቤ ቤት ያፈርሳል። ይህኛው ስሙን እንኳ አላነሳም። ሲም ካርዱ ላይ ያለውን በር ዘጋ፣ ገንዘቡን ወደ ባለቤቱ ስም መለሰ፣ የተነካው ስንት እንደሆነ በማኅተም አሳየ። ባንኮች ግን የሚወቀሱበት አንድ ነገር ይቀራቸዋል። ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ሂሳብ ስትከፍት "ይህን ሲም ትተሽ ከሄድሽ ቁልፉን ትተሽ መሄድሽ ነው" ብሎ የሚነግራት ሰው መስኮቱ ላይ አልነበረም። ያ ቃል ቀድሞ ቢነገራት፣ የቆንስላው ቀንም፣ የእህቷ እንባም፣ የወንድሟ ዝምታም ባላስፈለገ ነበር።