የአንድ ሰዓት ትምህርት በስድስት ደቂቃ፦ ከተሞክሮዬ

ለጤና ተማሪዎች የማጠቃለያ ቪዲዮ ስክሪፕት እጽፋለሁ። ተማሪው በክፍል አንድ ሰዓት የሰማውን በስድስት ደቂቃ እንዲከልስበት ነው የሚዘጋጀው። ሥራውን በደንብ ያስተማረኝ የወባ ጥገኛ ተውሳክ የሕይወት ዑደት ስለሆነ ምሳሌዎቼን ሁሉ ከዚያ እወስዳለሁ።

1. ስክሪፕቱ የሚጀመረው ከመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ድሮ የመምህሩን ስላይዶች በተራ እየተከተልኩ አሳጥር ነበር። የሚወጣው በጥድፊያ የሚነበብ ማውጫ ነው። ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 ጥገኛውን በሰው ደም ውስጥ ማየቱ እና ጥገኛው ጉበት ውስጥ የሚሠራው ነገር እኩል ቦታ ይይዛሉ። አሁን መጀመሪያ የምጽፈው ተማሪው ቪዲዮውን ዘግቶ ሊመልሰው የሚገባውን ጥያቄ ነው፦ «በቫይቫክስ ወባ የታመመ ሰው ክሎሮኪን ወስዶ ዳነ። ከወራት በኋላ፣ ወባ በሌለበት ከተማ እየኖረ እንደገና ታመመ። ለምን?» ለዚህ መልስ የሚረዳው ይገባል፣ የማይረዳው ይወጣል። ላቬራን የወጣው በዚህ ሚዛን ነው፤ ታሪኩን ግን እወደው ነበር።

2. የምዕራፍ ስም ተማሪው የጠፋበትን ቦታ ይጠቁመው።

«መግቢያ»፣ «የጉበት ደረጃ»፣ «የደም ደረጃ» ብዬ ስሰይም ምዕራፎቹ የሚጠቅሙት ትምህርቱን ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነበር። አሁን እንዲህ እጽፋቸዋለሁ፦

```
0:00 ትንኟ ስትነድፍ ምን ታስገባለች?
0:50 ጉበት ውስጥ ምን ይካሄዳል?
2:10 ትኩሳቱ ለምን ይመላለሳል?
3:30 ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀረው የትኛው ነው?
4:50 ራስህን ፈትን
```

ዩቲዩብ ቪዲዮውን በምዕራፍ እንዲከፍለው የመጀመሪያው ሰዓት 0:00 መሆን አለበት፤ ምዕራፎቹ ከሦስት ማነስ፣ አንዱም ከ10 ሰከንድ ማጠር የለበትም። ሰዓቶቹን የምሞላው የመጨረሻው ቅንብር ካለቀ በኋላ ነው፤ ተራኪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ግምቴ ይዛነፋልና። የምዕራፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርም ለብቻው መቆም አለበት። ተማሪው በቀጥታ 3:30 ላይ ገብቶ «እነዚህ ደግሞ…» የሚል ድምፅ ከሰማ፣ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለሱ ነው።

3. ስክሪኑ ላይ በሚወጣው የጽሑፍ ሰሌዳ ድምፁን አትድገሙት።

የቃሉን ትርጉም ሰሌዳው ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጌ እየጻፍኩ ተራኪው ያንኑ እንዲያነብ አደርግ ነበር። ዓይን ከጆሮ ይቀድማል፤ ተማሪው አንብቦ ሲጨርስ ድምፁ ገና መሀል ላይ ነው፣ ሥዕሉን ደግሞ ማንም አላየውም። የሪቻርድ ሜየር ጥናቶች ይህንኑ ነው የሚሉት፤ ሥዕልና ድምፅ አብረው ካሉ ያንኑ ንግግር በጽሑፍ መድገም ትምህርቱን ይጎዳል። ስለዚህ ስክሪፕቴን ሁለት ዓምድ አደረግኩት። በግራው የሚነገረው፣ በቀኙ የሚታየው ይጻፋል። በግራ «አንዳንዶቹ ሳይባዙ ጉበት ውስጥ ተኝተው ይቀራሉ» ሲል፣ በቀኝ ያለው የአንድ የጉበት ሕዋስ ሥዕል፣ በውስጡ ትንሽ ክብ እና «ሂፕኖዞይት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ድምፁ ሲጠራው ይመጣል፣ ማብራሪያው ሲያልቅ ይጠፋል። ለጥያቄያችን ከሚያስፈልጉት ከስፖሮዞይት፣ ከሜሮዞይት እና ከሂፕኖዞይት ሌላ ሰሌዳ አልሠራም። ጋሜቶሳይት ወደ ትንኟ ስለሚመለሰው ጉዞ ስለሆነ ሌላ ቪዲዮ ይጠብቃል።

4. ጥያቄው ዝምታ እና የተዘጉ በሮች ይፈልጋል።

መልሱን ከጥያቄው ሥር ወዲያው ሳስቀምጥ ተማሪው «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፋል። ሮዲገር እና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ ያስታወሱት ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከአእምሯቸው ለማውጣት የሞከሩት በለጡ። ስለዚህ በድምፁ ዓምድ «ቪዲዮውን አቁመህ መልሱን ጻፍ» ብዬ፣ ቀጥሎ «ዝምታ፣ 10 ሰከንድ» እላለሁ።

ለሌላ መልስ በሩን መዝጋት ያስተማረኝ አንድ ተማሪ ነው። «ጥገኛው ክሎሮኪንን ተላምዶ ቢሆንስ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ጥያቄዬ ያንን አልከለከለም። አሁን «መድኃኒቱን በትክክል ጨረሰ፤ ደሙም በተከታታይ ተመርምሮ ጥገኛ አልተገኘበትም» የሚል ጨምሬበት፣ «ለምን?» የሚለውንም «ይበልጥ ሊሆን የሚችለው ምክንያት ምንድን ነው?» በሚል ተክቼዋለሁ።

መልሱም ምክንያቱን ይናገራል፦ ክሎሮኪን በደም ያለውን ይገድላል እንጂ ጉበት ውስጥ የተኛውን ሂፕኖዞይት አይነካም፤ እሱ ሲነቃ በሽታው ይመለሳል። ፕሪማኪን ጉበቱን ያጸዳል፤ የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት ባለበት ሰው ግን ቀይ የደም ሕዋሶችን ሊያፈርስ ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ከመልሱ ሥር ደግሞ አንድ መስመር አለ፦ «መድኃኒቱን ተላምዶ ነው ካልክ ወደ 3:30 ተመለስ፤ ትንኝ ነድፎት ነው ካልክ ወደ 0:50።» ለተሳሳተ መልስ መመለሻ ምዕራፍ ካጣሁለት፣ የሚጎድለው ከስክሪፕቱ ስለሆነ ወደ ቀረጻ አልሄድም።