ቆሎው ወደ መኪናው ይመለስ

ዛሬ አክስቴ ቡና ልትጠጣ መጣችና ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች። ቆሎ ነው፤ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ መሃል መሃሉ ላይ ደግሞ ኦቾሎኒ። ፊቴን አይታ "ለቅሜ አወጣለታለሁ እኮ!" አለች። እወዳታለሁ፣ ቆሎው ግን ወደ መኪናዋ ተመለሰ። ኦቾሎኒው ቢለቀም ቅባቱና ብናኙ ገብሱ ላይ ይቀራል። መቆላቱም አለርጂውን አያጠፋውም።

ልጄ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት። ሰው የሚፈራልኝ ወጡን ነው። ምስሩንም ሽሮውንም ይበላል፣ ሐኪሙ መርምሮ ፈቅዶለታል። ግብጦ ግን ለኦቾሎኒ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ እሱን ትተነዋል። እኔ የምፈራው እጅ ነው። ኦቾሎኒ የነካ እጅ ከትሪው እንጀራ ከቆረሰ ወጡ ንጹህ ሆነ አልሆነ ምን ዋጋ አለው? ጉርሻማ አይነሳ።

ስለዚህ ለእሱ የማይሆን ነገር ቤታችን አይገባም፣ እሱም ለብቻው ሰሃን አይቀርብለትም። የመጣ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ሳኒታይዘር ኦቾሎኒውን እጅ ላይ ያዳርሰዋል እንጂ አያነሳውም። እኔም ጆግና ሳሙና ይዤ እዞራለሁ፣ እንግዶቼ "ባህሏን ያልረሳች" ብለው ይመርቁኛል።

ባህል ካልን ደግሞ የሻንጣውን ጉድ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ሽሮና በሶ ተላከልን፣ በሶው "ልጁን ያጠነክረዋል" ተብሎ። ደውዬ ምን እንዳለበት ስጠይቅ፣ ከገብሱ ጋር ኦቾሎኒ ተፈጭቶበታል፤ ጣዕሙ እኮ እሱ ነው አሉኝ። ሽሮውስ? እሱም እዚያው ወፍጮ ላይ፣ ከበሶው ቀጥሎ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሽሮ ስጥል ዓይኔ እንባ አቅርሯል። አሁን ሽምብራውን ራሴ ቆልቼ ቤት እፈጫለሁ። ይሄን ስነግራቸው "ለምን ቀስ በቀስ አታለማምጂውም?" ይሉኛል። ማለማመድ የሚባል ሕክምና አለ፣ ግን በሚሊግራም እየተለካ ሐኪም እየተከታተለው ነው። በሾርባ ማንኪያ በሶ አይደለም!

ቁም ነገሩን ልናገር። ኤፒኔፍሪን መርፌው ወጥ ቤት ነው፣ ከበርበሬው ጎን፣ ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ። ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም። ልጁ የማይሆነውን በልቶ ሽፍታ ወጥቶበት ካስመለሰው፣ ወይም ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ መርፌው መጀመሪያ ጭኑ ላይ፣ በውጪው ጎን ይወጋል፣ ከዚያ 911 ይደወላል። የአለርጂ ሽሮፑ ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም። "እስቲ ትንሽ እንየው" ብሎ መጠበቅ ነው የሚገድለው።

ደግሞ ኮሜንት ላይ "ጥቁር አዝሙድ አሽትቺው" የምትሉኝ፣ በናታችሁ። ደከመኝ።