መንገዱ የተዘጋበት ደም

አጎቴ ደም ያስታወኩ ዕለት እኔ በክፍሌ ውስጥ ስለ ደም ዝውውር በማስተማር ላይ ነበርሁ። በሰሌዳው ላይ ከአንጀት ወደ ጉበት አንዲት ሰማያዊ መስመር ስቤ፣ «ምግብ የተሸከመው ደም በዚህ ያልፋል» ብዬ ጨረስሁ። መንገዱ ቢዘጋስ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ ቢጠይቀኝም ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

አጎቴ በጣና ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በሐይቁ ሲዋኙና ከብት ሲያጠጡ ኖረዋል። በግራ ጎናቸው ጣፊያቸው ካበጠ ዓመታት አልፈዋል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ በጠቆረ ጊዜ «የጨጓራ ቍስል ነው» ተብለው መድኃኒት ሲውጡ ከርመዋል። ሐኪም ቤት ደርሼ «ሆድዎን አሞዎት ነበርን?» ብላቸው፣ «ምንም አላመመኝ ልጄ፤ እንዲያው ሞቅ ብሎ ወጣ» አሉኝ። ሐኪሙም ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ያለ ሕመም በድንገት የሚወጣ ብዙ ደም፣ ካበጠ ጣፊያ ጋራ ሲገኝ፣ ወደ ሌላ ምክንያት ያመለክታልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም በአንድ ወፍራም ደም መልስ ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል። በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም በጉበት ሲያልፍ፣ ከአራቱ እጅ ሦስቱ የሚመጣው በዚሁ በር ነው። የቢልሃርዝያ ትል ደግሞ በአንጀት ደም መልሶች ውስጥ ተቀምጦ እንቍላል ይጥላል። ከእንቍላሎቹ ብዙዎቹ በደሙ ተገፍተው በጉበት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ውስጥ ይወተፋሉ፤ ሰውነትም በጠባሳ ይከባቸዋል። ሲመርስ የተባለው ሐኪም በ1904 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በግብጽ ያየውን ሲጽፍ፣ እንዲህ ያለው ጉበት ሲቈረጥ የነጭ ሸክላ ፒፓ ዘንጎች የተሰኩበት ይመስላል ብሏል።

በሩ ሲጠብ ደሙ ወዴት ይሂድ? የዚህ ደም መልስ ልዩ ጠባይ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ክዳን የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ሲበዛ ደሙ ፊቱን አዙሮ፣ ቀድሞ የጠበቡ ወይም የተዘነጉ ጅማቶችን እየከፈተ፣ ጉበትን ዘልሎ ወደ ልብ የሚያደርስ መንገድ ይፈልጋል። አንዱ መንገድ በጨጓራ አፍ በኩል ወደ ምግብ መውረጃው ቧንቧ ግርጌ ይወጣል፤ ሌላው ወደ እምብርት፣ ሌላው ወደ ፊንጢጣ፣ ሌላውም ከጣፊያ ወደ ግራ ኩላሊት ደም መልስ ይሄዳል።

ሐኪሙ የአጎቴን ሆድ ገልጦ ከእምብርታቸው ወዲያና ወዲህ የተዘረጉ እባብ መሰል ጅማቶች አሳየኝ። ከእምብርት በታች ባለው አንድ ጅማት ላይ ሁለት ጣቶቹን አጣብቆ ጫናቸው፤ ከዚያም አንዱን ጣት ወደ ታች እየሳበ ጅማቱን ባዶ አደረገው። የላይኛውን ጣት ሲያነሣ ጅማቱ ወዲያው ሞላ። «አየህ መምህር፣ ደሙ ከእምብርት ወደ ታች ይወርዳል። የተዘጋው ከሆድ ወደ ልብ የሚወጣው ታላቁ ደም መልስ ቢሆን ኖሮ፣ ከታች ወደ ላይ ይሞላ ነበር» አለኝ።

እነዚህ የእምብርት ጅማቶች ያስፈራሉ እንጂ እምብዛም አይጐዱም። አደገኛው የምግብ መውረጃው ቧንቧ ነው። እዚያ ያሉት ደም መልሶች ከስስ ልባስ በታች ያለ ድጋፍ ተዘርግተዋልና፣ ሲነፉ ግድግዳቸው ይሳሳል፤ ከዚያም ይፈነዳሉ። በጉበት በርና ከጉበት በኋላ ባለው ደም መልስ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በጤና ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አያልፍም፤ ከ10 ሲያልፍ ጅማቶቹ ያብጣሉ፤ ከ12 ሲያልፍ መድማት ያሰጋል።

ሐኪሙ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በአፋቸው አስገብቶ አራት ያበጡ ጅማቶች አገኘ፤ እያንዳንዳቸውንም በትንሽ የላስቲክ ቀለበት አሰራቸው። ግፊቱን የሚቀንስ ኪኒንና የትሉንም መድኃኒት ጨመረላቸው። ሆኖም መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ የቈየውን ጠባሳ ቶሎ አያጠፋምና፣ ቱቦው በየጊዜው ተመልሶ መግባት አለበት።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በመጠጥ ወይም በሌላ በሽታ በጠነከረ ጉበት ሥጋው ራሱ ስለሚሞት፣ ጉበትን ዘልሎ ያለፈው ያልተጣራ ደም አእምሮን ያደነዝዛል። በቢልሃርዝያ ግን የጉበት ሥጋ ብዙውን ጊዜ ሥራውን አይተውም፤ ከመድማቱ የተረፈ ሰው ተስፋው ሰፊ ነው።

አጎቴ ከአልጋቸው ሆነው፣ «እንግዲህ ደሜ መንገድ አገኘ ነው የምትለኝ?» አሉኝ። «አዎን፤ ነገር ግን መንገዱ ገደል ነው» አልኋቸው። በማግሥቱ በሰሌዳው ላይ ከሰማያዊዋ መስመር ጐን አራት ሌሎች መስመሮች ሳልሁ፤ በጣና ዳር ያደጉ ተማሪዎቼንም፣ ጣፊያ ያበጠበት ዘመድ ያላችሁ፣ ደም እስኪያስታውክ አትጠብቁ አልኋቸው።