ከጠረጴዛው ማዶ

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሥራ የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። እኔ በአንድ ባንክ የቅጥር ኮሚቴ አባል ሆኜ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ጀማሪ ባንከሮችን ለቃለ መጠይቅ ስንጠራ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ።

ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። በየፊታችን የነጥብ መስጫ ቅጽ አለ፤ የሐሳብ አገላለጽ፣ የሙያ ዕውቀት፣ ስለ ሥራው ያለው ግንዛቤ እያለ ይዘረዝራል። ለየብቻ ሞልተን አማካዩ ይወሰዳል። ተፈታኙን ብንወደው እንኳ፣ ቅጹ ላይ የምንጽፈው ነገር ካልሰጠን ነጥብ ልንሰጠው አንችልም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም "እስቲ ራስህን አስተዋውቀን" ነው። እዚህ ላይ የትውልድ ቦታንና የተማሩበትን ትምህርት ቤት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መዘርዘር ይቅርባችሁ፤ ሲቪያችሁ ፊታችን ነው። "ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ" የሚለውንም በዚያው ቀን ከሃያ ሰው ሰምተነዋል።

አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ ግን እንዲህ አለች፦ "ኢንተርንሽፕ በወጣሁበት የኅብረት ሥራ ማኅበር የጥሬ ገንዘብ መዝገቡን ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ሳስታርቅ የ900 ብር ልዩነት መጣ።" እንዴት አገኘሽው አልናት። "900 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ ጠረጠርኩ። 5,400 ብር ገቢ የተደረገው መዝገቡ ላይ 4,500 ተብሎ ተጽፎ ነበር።" ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፣ ግን ሦስታችንም ቀና ብለን ጻፍን። የሠራችሁትን አንድ ነገር እንዲህ ምረጡ። ያልሠራችሁትን ግን አትናገሩ፤ "ከዚያስ ለማን አሳወቅሽ?" የሚል ተከታይ ጥያቄ ሲመጣ ወዲያው ይታወቃል።

ከወለድ ነፃ አገልግሎት ስላለ ስለ ሙራበሃም እንጠይቃለን። አንዳንድ ወንድሞች "ወለድ ሐራም ስለሆነ ነው" ብለው ያቆማሉ። ልክ ነው፣ የተጠየቀው ግን አሠራሩ ነው። ደንበኛው ወፍጮ ቢፈልግ ባንኩ ብሩን አያበድረውም፤ ወፍጮውን ራሱ በ200,000 ብር ገዝቶ ንብረቱ ያደርገዋል፤ ከዚያ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ገልጾ፣ ለምሳሌ በ230,000 ብር፣ በየጊዜው እንዲከፈል አድርጎ ይሸጥለታል። ባንኩ ሳይገዛ ከሸጠ ሙራበሃ አይባልም። ይህን የማያውቅ "እስከዚህ አውቃለሁ፣ ከዚህ በላይ አልተማርኩትም" ይበል። ዝም ብሎ የሚዘባርቅ ሰው ነገ ደንበኛ ፊትም እንዲሁ እንዳያደርግ እንሰጋለን።

የእጅ ሰላምታ የማትሰጥ እህት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም ብትል ይበቃል፤ ቅጹ ላይ ለመጨባበጥ የተያዘ ነጥብ የለም። የዲግሪና የመውጫ ፈተና ማስረጃችሁን ዋናውን ከነኮፒው ያዙ። ኮፒ ለማንሳት ሲወጡ ተራቸው ያለፈባቸው አሉ።