"እናንተ የማን ተራ ናችሁ?"

ባለፈው ዓመት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ትንሽ ድርጅት ጀመርን። ከከተማው ዳር ያሉ ባለሱቆች ማታ በስልክ ያዛሉ። እኛ ከመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች ገዝተን፣ የብዙዎችን ዕቃ በአንድ መኪና ጭነን ጠዋት እናደርሳለን። በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር መፈክር መፈለግ ነበር። አንድ ሌሊት ተሟግተን "ሕይወትን እናቀላለን!" ላይ ተስማማን። መኪናው ላይ ለጠፍነው፣ ቴሌግራማችን ላይ ጻፍነው። ሰው "ሥራችሁ ምንድን ነው?" ሲለንም ይህንኑ እንመልስ ነበር።

ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። አንዱ "ብድር ትሰጣላችሁ?" ይላል። አንዷ "የቤት ሠራተኛ ታገናኛላችሁ?" ትላለች። ዘይትና ሳሙና የሚያዝ ግን ጥቂት ነው።

ሸማ ተራ ሱቅ ያለው አጎቴ ጋ ሄጄ ምሬቴን ነገርኩት። ወረቀታችንን አገላብጦ አየና "አንተ ልጅ፣ እናንተ የማን ተራ ናችሁ?" አለኝ።

"እንዴት ጋሼ?"

"እኔ በር ላይ ቆሜ 'ግቡ፣ ግቡ፣ አዲስ ገብቷል!' ብል ምን እንደገባ ሁሉም ያውቃል። ሸማ ተራ ነዋ! በርበሬ ተራ ያለውም እንደዚሁ ቢል ያምርበታል። እናንተ ግን መሀል መንገድ ላይ ቆማችሁ 'ግቡ' ትላላችሁ። ወዴት ነው የሚገባው?"

የማርኬቲንግ ሰዎች በሁለት ስም የሚለዩትን ነገር አጎቴ በአንድ ጥያቄ ለየልኝ። ተራው ፖዚሽኒንግ ስቴትመንት ነው። ("የአቋም መግለጫ" ብዬ እንዳልተረጉመው የስብሰባ መዝጊያ ይመስልብኛል።) ጥሪው ደግሞ ታግላይን ነው።

ፖዚሽኒንግ ስቴትመንት ለደንበኛ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም። ድርጅቱ ውስጥ ላሉት ሰዎች የሚጻፍ ውሳኔ ነው። ጄፍሪ ሙር በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ብዙዎች የሚጠቀሙበትን ቅርጽ ሰጥቶታል። ለማን ነው? ችግሩ ምንድን ነው? እኛ ምን ዓይነት ነገር ነን? ከሌላው አማራጭ የምንለየው በምንድን ነው?

ቁጭ ብለን የኛን ጻፍን፦ "ዕቃ ለማምጣት ሱቃቸውን ግማሽ ቀን ዘግተው መርካቶ ለሚመጡ የከተማ ዳር ባለሱቆች፣ እኛ የጅምላ ዕቃ አቅራቢ ነን። ራሳቸው ከመምጣት የምንለየው ሱቃቸው ሳይዘጋ ዕቃው በራቸው ላይ ስለሚደርስ ነው።"

ይቺን ስንጽፍ ሁለት ነገር ተገለጠልን። ተፎካካሪያችን ሌላ ድርጅት ሳይሆን ባለሱቁ ራሱ የሚመጣው መንገድ ነው። ስለዚህ ዋጋችን ከታክሲው፣ ከተሸካሚውና ከተዘጋው ግማሽ ቀን ጋር መወዳደር አለበት። ሁለተኛ፣ ለመኖሪያ ቤት አንድ ሊትር ዘይት ማድረስ አቆምን፤ የኛ ሰው አይደለምና። "ሕይወትን እናቀላለን" ግን ማንንም እምቢ በል አይልም። ክሊኒክም፣ ባንክም፣ ወፍጮ ቤትም ሊለጥፈው ይችላል። አንድ ዐረፍተ ነገር የጎረቤት ስም ቢገባበትም ልክ ከሆነ ፖዚሽኒንግ አይደለም።

ቀጥለን የሠራነው ስህተት የመጀመሪያው ግልባጭ ነበር። ያንን ረጅም ዐረፍተ ነገር እንዳለ መኪናው ላይ አተምነው! መኪና እያለፈ ማን ያነበዋል? አንድ ሾፌር ቀይ መብራት ላይ ግማሹን አንብቦ መብራቱ በራ።

በመጨረሻ ከውሳኔው ውስጥ ጥሪውን አወጣን፦ "ሱቅዎን አይዝጉ።" ብቻውን ስንለጥፈው ግን አንድ ባለሱቅ ደውሎ "ከክፍለ ከተማ ነው እንዴ?" አለን። ማስጠንቀቂያ መስሎታል! ከሥሩ "ለባለሱቆች የጅምላ ዕቃ አቅራቢ" የሚል ጨመርንበት። ያቺ ትንሽ መስመር ተራችን ሆነች።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ትልልቆቹን አይተው ይመስለኛል። ናይኪ "ጀስት ዱ ኢት" ያለው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጫማ መሸጥ ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም "የአፍሪካ አዲሱ መንፈስ" ሲል ማንም "ምን ትሠራላችሁ?" አይለውም፤ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲበር ሰው አይቶታል፣ ሥራውም ስሙ ላይ አለ። እነሱ ተራ አላቸው። ትናንት የተከፈተ ድርጅት ግን ስልክ ስክሪን ላይ ብቻውን ነው የቆመው፤ ግራና ቀኙ ምን እንደሚሸጥ የሚናገርለት ጎረቤት የለውም።

የናንተ የትኛው እንደጎደለ ለማወቅ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀውን ስሙ። "ምንድን ናችሁ?" ካለ ተራ የላችሁም። እኛ ጋ አሁን ስልኩን ስናነሳ የሚቀድመው ጥያቄ "ዛሬ ዘይት ስንት ገባ?" ነው።