የቴምብር ጥርስ

የፖስታ ቴምብር ዙሪያውን ጥርስ አለው። ሉሁ ላይ በረድፍ የተበሱት ቀዳዳዎች ሲገነጠሉ የሚተዉት ጠርዝ ነው። በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንደሚገባ ተቆጥሮ፣ መጀመሪያ የአግድሙ፣ ቀጥሎ የቁመቱ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በዚህ አጻጻፍ 14 በ13½ ናቸው። ልዩነቱ ግማሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ይህችን ግማሽ ከፎቶግራፍ ላይ ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከራቤል አንድ ፎቶግራፍ በስልክ ላከልኝ። በአያታችን ዳዊት ገበታ ውስጥ ተሸጉጦ የኖረ ቀይ ቴምብር ነው፤ ዘውድ የደፉት ዳግማዊ ምኒልክ አሉበት። «እምዬ ምኒልክ ለአያታችን አባት በላኩት ደብዳቤ ላይ የነበረ ነው ይባላል፤ እስቲ አንተ እየው» አለኝ። በቤተሰባችን ይህ ወሬ እንደ ርስት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

የወጣበትን ዘመን ለማወቅ ከጥርሱ በፊት ጽሑፉን አየሁ። ዋጋው ግማሽ ግርሽ ነው፤ የላቲን ፊደል የለበትም፤ ከላዩም የታተመ ተጨማሪ ቃል የለም። እነዚህ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የታተሙ፣ ሉዊ ኤዠን ሙሾን የቀረጻቸው ሰባት ዓይነት ናቸው፤ በአራቱ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። ከእ.ኤ.አ. 1901 ጀምሮ በተረፉት ላይ መጀመሪያ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በፈረንሳይኛ፣ ኋላም «ቦስታ» እና «መልእክት» የሚሉት የአማርኛ ቃላት ታተሙባቸው። ስለዚህ አንዱ ቴምብር በላዩ በተጨመረው ቃል ምክንያት ወደ ሌላ ዓመት ሊሻገር ይችላል። የእኛው ግን ምንም ስላልተጨመረበት ከመጀመሪያው ወገን ነው። በአምፖል ብርሃን የተነሣ ፎቶ ቀለምን ስለሚለውጥ፣ ቀዩን የመዘንሁት ከቴምብሩ ነጭ ጠርዝ ጋር አስተያይቼ ነው።

ቀጥሎ ጥርሱ። የአክስቴ ልጅ ከታችኛው ጠርዝ ሥር ማስመሪያ አጋድሞ ነበር። ከአንዱ ቀዳዳ መሐል ጀምሬ አሥር ክፍተት አልፌ ብለካው 14.3 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ይህም 14 ማለት ነው። የቁመቱንም በዚያው ማስመሪያ ብለካ እንደገና 14.3 ወጣ። ቁመቱ 13½ ከሆነ ግን 14.8 ሊሆን ይገባው ነበር። ሐሰተኛ ነው ለማለት ይቻል ይሆን? አይቻልም፤ ምክንያቱም በፎቶው ላይ የቴምብሩ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ያጠረ ነበር። ስልኩ ዘንበል ብሎ ነበር ማለት ነው። ዘንበል ያለ ፎቶ ቁመትን ያሳጥራል፤ የ15 ዲግሪ ማዘንበል ከመቶ ሦስት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ 14.8ንም 14.3 ያደርገዋል። ግማሿን ቀዳዳ የበላት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማስመሪያው በሚለካው ጠርዝ ጎን ይጋደም፤ ጠርዙ ሲያጥር እርሱም አብሮ ያጥራልና። ሁለተኛው ፎቶ ማስመሪያው በቁመቱ ጎን ሆኖ መጣ፤ ልኩም 14.8 ሆነ። 14 በ13½።

የማዕዘኑ ቅርጽም የአበሳሱን ዓይነት ይናገራል። ቀዳዳው በመስመር መስመር የተበሳ ከሆነ፣ አግድሙና ቁመቱ በተለያየ ጊዜ ስለሚበሱ ማዕዘን ላይ ይደራረባሉ ወይም ይራራቃሉ። እንደ ማበጠሪያ በሆነ መብሻ፣ የላዩና የሁለቱ ጎን በአንድ ምት ሲበሳ ግን በማዕዘኑ ላይ አንድ ንጹሕ ቀዳዳ ይገኛል። የእኛው ቴምብር አራቱም ማዕዘን ንጹሕ ነው። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ቴምብሮችም በዚሁ ዓይነት መብሻ፣ በዚሁ 14 በ13½ የተበሱ ናቸው።

እንግዲህ ቴምብሩ እውነተኛ የ1894 ቴምብር ለመሆኑ ፎቶው የሚሰጠው ምስክር ሁሉ ይስማማል። የቤተሰቡ ወሬስ? ፊቱ ላይ የፖስታ ቤት ማኅተም የለም፤ ጀርባውን አስገልብጬ ባየው ሙጫው አልተነካም። በውኃ ረጥቦ ደብዳቤ ላይ የተለጠፈ ቴምብር ሙጫው እንዲህ አይተርፍም። ይህ ቴምብር አንድም ደብዳቤ ይዞ አልተጓዘም። የታተመበትን ዘመን ጥርሱ ነገረኝ፤ ማን፣ መቼ ወደ ራቤል እንዳመጣው ግን ጥርስም ሆነ ቀለም አይናገርም።

ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ጥቂት ዝም አለ። «ታዲያ ደብዳቤው አልነበረም ማለት ነው?» አለኝ በመጨረሻ። ደብዳቤው አልነበረም ማለት አይደለም፤ ይህ ቴምብር ምስክሩ ሊሆን አይችልም እንጂ። ለሽያጭ ያሰበውን ትቶ ቴምብሩን በብራና ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ለእናቱ ግን እስካሁን አልነገራትም።