1780 የሚለው ብር

አያቴ ካረፈች በኋላ፣ ወሰን ያለው ቤቷ ውስጥ፣ ከሳጥኗ ሥር ያገኘነው ጠገራ ብር አጎቴን እንቅልፍ ነሳው። «1780 ይላል እኮ! ሸጠን ጣራውን እናድሳለን» አለኝ። ጣራው ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። የትም ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚደጋገም ቀን ካየሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቀኑን ነው። 1780 (እ.ኤ.አ.) ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ማርትሬዛ ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዟል፤ ቪየና ዛሬም ታትመዋለች። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ አተመች፤ ለንደንም በዓመቱ ተከተለች። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግረንም።

መጀመሪያ እውነተኛ ብር መሆኑን ማወቅ ነበረብን። ትክክለኛው ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ የእኛው ግን ለአንገት የሚሆን ማንጠልጠያ ስለተበየደበት 28.6 ሆነ። ክብደቱ ብቻ አልበቃም። ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስኩ፤ ብሩን በክር አንጠልጥዬ፣ ታቹን ሳይነካ፣ ውሃው ውስጥ አጠለቅኩት። ሚዛኑ 2.8 አለ። 28.6 ለ2.8 ሲካፈል 10.2 ይመጣል፤ መዳብ ለተቀላቀለበት የማርትሬዛ ብር የሚጠበቀው ይኸው ነው። ናስ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ 3.4 ገደማ ያሳይ ነበር። ጠርዙ ላይ ያሉት የላቲን ፊደሎችም በጣት ይዳሰሳሉ፤ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አስመሳይ ላይ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛሉ።

ዕድሜውን የነገረን ግን ፎቶ ነው። አያቴ በሙሽርነቷ የተነሳችው፣ ዳሩ እንደ ሞገድ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። አንገቷ ላይ ብሩ ይታያል፤ በአጉሊ መነጽር ስናየው ከማንጠልጠያው አጠገብ ያለችው ጭረት ሳትቀር አለች። ጀርባው ላይ «መጋቢት 1948» ተጽፏል። አጎቴ የፈረንጅ መስሎት ነበር፤ በእኛ ከሆነ ግን 1956 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለ ዳር በዚያ ዘመን የተለመደ ስለሆነ ጽሑፉን ይደግፋል። እንግዲህ ብሩ ከዚያ በፊት ቤታችን ገብቷል። ከዚያ ወደኋላ ግን ፎቶው አይወስደንም፤ ከሮም ከወራሪው ጋር የመጣም ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ስንት ያወጣል?» አለኝ አጎቴ።

«ጋሼ፣ ውስጡ 23 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር አለ። በቃ፣ የዕለቱ ዋጋ ነው። ብየዳው ደግሞ ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋውን ይቀንሰዋል።»

ዝም አለ። ከዚያ ፎቶውን አንስቶ ብዙ አየው። «ይቺን ብየዳ አባቴ ነው ያሠራላት» አለ።

ለጣራው እያዋጣን ነው። ብሩና ፎቶው በአንድ ፖስታ ውስጥ ሳጥኑ ገብተዋል፤ ከተለያዩ ብሩ ተመልሶ 1780 ብቻ ይሆናል።